ጥፋቱ ከደብተሩ ይጀምራል፦ ሳያውቁ ስለሚፈጸም የጽሑፍ ስርቆትና ስለ ማስታወሻ አያያዝ

እንጦጦን ርእስ አድርጎ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ብዙ ነው። ከየካ ክፍለ ከተማ ኮረብታዎች ተነስቶ በስተ ምዕራብ ወደ ጉለሌ የሚዘልቀው ይህ ተራራ ለሁሉም የትምህርት ክፍል የሚሆን ነገር አለው። የታሪክ ተማሪው የምኒልክንና የጣይቱን የቀድሞ መናገሻ ያገኝበታል፤ የጂኦግራፊ ተማሪው ባሕር ዛፉን፣ የሶሲዮሎጂ ተማሪው ማገዶ ተሸካሚ ሴቶቹን፣ የፊዚክስ ተማሪው ኦብዘርቫቶሪውን፣ የቱሪዝም ተማሪው እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተውን ፓርክ። ርእሱ ይህን ያህል ሰፊ ቢሆንም ሁሉም ዞረው የሚመለሱባቸው መሠረታዊ ምንጮች ጥቂት ናቸው። ስለ ባሕር ዛፉ አመጣጥ ወይም ስለ መናገሻው መዛወር የተጻፉ አንቀጾችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው አንዱ ዓረፍተ ነገር ልብሱን እየቀያየረ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ ሲሻገር ያያል። ግሱ ተለውጧል፣ አንድ ቅጽል ተጨምሯል፣ አጥንቱ ግን ያው ነው።

እንዲህ የሚጽፉት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሌቦች አይደሉም። ምንጩን በቅንፍ ጠቅሰዋል፣ በዋቢዎች ዝርዝር ውስጥም አስገብተዋል። «በራሴ አባባል ጻፍኩት» የሚሉትም አምነውበት ነው። አሜሪካዊቷ የጽሕፈት መምህር ርብቃ ሙር ሃዋርድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ነገር ስም ስታወጣለት የገለጸችው እንዲህ ብላ ነበር፦ ከምንጩ ይገለበጣል፤ ከዚያ ጥቂት ቃላት ይሰረዛሉ፣ ሰዋስዉ ትንሽ ይነካካል፣ አንዳንድ ቃል በተመሳሳዩ ይተካል። እኔ በዚህ ጽሑፍ ጠጋግኖ መጻፍ እለዋለሁ። ምንጭ መጥቀስ ይህን አያድነውም። ጥቅሱ ለአንባቢው የሚነግረው ሐሳቡ ከእገሌ እንደተወሰደ ብቻ ነው፤ ትእምርተ ጥቅስ ከሌለ አንባቢው ቃሉንና አደራደሩን የተማሪው አድርጎ ይቀበላል። እዚያ ላይ የተነገረው እውነት አይደለም፣ ተናጋሪው ባያውቀውም።

ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ አንቀጽ እንውሰድ። የሚከተለውን ለምሳሌነት የጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ፍሬ ነገሩ ግን በታሪክ መጻሕፍት የተለመደ ነው።

«ምኒልክ መናገሻቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ካወረዱ በኋላ የከተማው ሕዝብ በፍጥነት ስለጨመረ በዙሪያው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ተጨፍጭፎ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አለቀ፤ ከተማዋን ከመፈለስ ያዳናት ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።»

ይህን ያነበበ ተማሪ መጽሐፉን ከፊቱ ገልጦ እንደተቀመጠ ሊጽፍ የሚችለው ይህን ይመስላል፦

«ዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥታቸውን ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ካዛወሩ በኋላ የከተማዋ ነዋሪ በከፍተኛ ፍጥነት በመብዛቱ በአካባቢው የነበረው የጥድና የወይራ ደን ለማገዶና ለግንባታ ተቆርጦ በአጭር ጊዜ ውስጥ ጠፋ፤ መዲናዋን ከመፍረስ የታደጋት ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው።»

ቃል ለቃል ካነጻጸርነው ብዙ ተለውጧል። ይህ ነው ተማሪውን የሚያታልለው። መመልከት ያለብን ግን ሌላ ነገር ነው። በአማርኛ ረጅም ዓረፍተ ነገር የሚቆመው በግሶቹ ሰንሰለት ላይ ነው፦ ካወረዱ፣ ስለጨመረ፣ ተጨፍጭፎ፣ አለቀ፣ ያዳናት። በሁለተኛው ውስጥ ካዛወሩ፣ በመብዛቱ፣ ተቆርጦ፣ ጠፋ፣ የታደጋት ሆነዋል። አምስት ግስ በአምስት ግስ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው የምክንያትና የውጤት ትስስር ተተክቷል። የአንድን አንቀጽ ግሶች ብቻ በተርታ ጽፎ ከምንጩ ግሶች ጋር ማስተያየት ጥገናውን ለመለየት ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ ፈጣኑ ነው። በእንግሊዝኛ የተለመደው «ይህን ያህል ቃል በተከታታይ ከተመሳሰለ» የሚለው ቆጠራ በአማርኛ ብዙ አይረዳም፤ ቃላችን ቅጥያውን ተሸክሞ ስለሚሄድ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ቆጠራው ይቋረጣል።

በምሳሌው ውስጥ ሌላም ምልክት አለ። ምንጩ «ከመፈለስ» ያለውን ተማሪው «ከመፍረስ» አድርጎታል። የመጀመሪያው የሚያወራው ከተማዋ ነቅላ ወደ ሌላ ቦታ ስለመሄዷ ነው፤ ምኒልክ በስተ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው አዲስ ዓለም ሌላ መናገሻ መቆርቆራቸው ከእንጨቱ እጥረት ጋር እየተያያዘ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ግን ከተማዋ ልትወድም ነበር እያለ ነው። ተማሪው ተመሳሳይ ቃል ፈለገ፣ ተመሳሳይ የመሰለውን አገኘ፣ የታሪኩን ፍሬ ግን ጣለ። የጠጋገነ ሰው ቃሉን የሚመርጠው ከሐሳቡ ተነስቶ ሳይሆን ከጎረቤቱ ቃል ተነስቶ ስለሆነ እንዲህ ያለ ስሕተት መከተሉ አይቀርም። አማካሪ መምህር ጽሑፉን ሲያነብ አንድ ቃል ሳይገጥም ወጣ ብሎ ካገኘው ምንጩን ከፍቶ እዚያች ዓረፍተ ነገር ላይ ቢፈልግ ብዙ ጊዜ ያገኘዋል።

የዘመን አቆጣጠሩም ወጥመድ ነው፣ ለእኛ አገር ጽሑፍ በተለይ። መናገሻው ከእንጦጦ ወርዶ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ይህ 1886 ወይም 1887 ተብሎ ይገኛል። ባሕር ዛፍ ወደ አገሩ የገባበት ዘመን ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው ደግሞ እ.ኤ.አ. 1894 ወይም 1895 ሲሆን በእኛ አቆጣጠር 1887 ዓ.ም. ይሆናል። እንግዲህ በደብተር ላይ «1887» ብቻ ተጽፎ ከተገኘ የከተማዋ መቆርቆር ይሁን የዛፉ መምጣት ማን ይለየዋል? ዓመቱን ከምንጩ ያለ «ዓ.ም.» ወይም ያለ «እ.ኤ.አ.» የገለበጠ ተማሪ ከወር በኋላ ዛፉንና ከተማዋን በአንድ ዓመት አስገብቶ ይጽፋል። ይህ ስሕተት በአንድ ጽሑፍ ተጀምሮ በሌላው ሲደገም ደግሞ ማን ከማን እንደወሰደ ራሱ ይመሰክራል።

ለምን እንጠጋግናለን? ስንፍና የሚለው መልስ ቀላል ነው፣ ጥናቶቹ ግን ሌላ ነገር ያሳያሉ። ሚጌል ሮይግ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ሳይሆን የሳይኮሎጂ ፕሮፌሰሮችን አንድን አንቀጽ በራሳቸው አባባል እንዲጽፉ ጠየቀ። አንቀጹ ከባድ በሆነ ጊዜ ከመቶ 26ቱ ከምንጩ ቃላት ወስደው ተገኙ፤ ተመጣጣኝ ሆኖ ለማንበብ የቀለለ አንቀጽ ሲሰጣቸው ግን ከመቶ 3ቱ ብቻ። ሰዎቹ በሙያቸው የበቁ ናቸው፣ ለመስረቅም ምክንያት አልነበራቸውም። የለወጣቸው የአንቀጹ ክብደት ነው። ዳያን ፔኮራሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 በብሪታንያ ዩኒቨርሲቲዎች በሁለተኛ ቋንቋቸው የሚጽፉ 17 የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሥራ ከምንጮቻቸው ጋር አስተያይታ በስፋት የተጠጋገነ ጽሑፍ አገኘች፤ ተማሪዎቹን ስታነጋግር ግን የማታለል ሐሳብ አላየችባቸውም። ሃዋርድና ሁለት ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2010 በመረመሯቸው 18 የተማሪ ጽሑፎች ውስጥ አንድም ቦታ ላይ የምንጩን ጠቅላላ ሐሳብ ያጠቃለለ አላገኙም። ሁሉም የሚሠሩት ከዓረፍተ ነገር ወደ ዓረፍተ ነገር እየዘለሉ ነበር። ምንጩን በሙሉ ያልተረዳ ሰው ከአንዷ ዓረፍተ ነገር ሌላ የሚይዘው የለውም።

ይህን ወደ እኛ ሁኔታ እናምጣው። በየካ ያለው የኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ሆነ ስድስት ኪሎ ያለው ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ የተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ሐሳቡን የሚያብላላው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻው ሆኖ የሚጽፈው በሌላ ሰው ቋንቋ ይሆናል። መምህር ሰሌዳ ላይ ኖት ይጽፋል፣ ተማሪ ይገለብጣል፣ ሸምድዶ ለፈተና ያንኑ ይመልሳል። ቃሉን ሳይለውጥ የመለሰ ጥሩ ውጤት ያገኛል። አሥራ ምናምን ዓመት በዚህ ያለፈ ልጅ ሪሰርች ጻፍ ሲባል በድንገት ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል፤ ትናንት ያስመሰገነው ነገር ዛሬ ጥፋት ሆኖ ይቆጠርበታል። ይህን ያስረዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የለም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነስተው «መገልበጥ ባህላችን ነው» ይላሉ። በዚህ አልስማማም። የአብነት ትምህርት ቤቱን ያየ ሰው ሁለቱም ሥርዓት በአንድ ግቢ ውስጥ እንደኖረ ያውቃል። በዜማ ቤት አንዲት ድምፅ ሳትዛነፍ እንደተቀበሉ መመለስ ግድ ነው። በቅኔ ቤት ግን የሌላውን ቅኔ ደግሞ ማቅረብ ነውር ነው። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ሰዋስዉንና ምሥጢሩን ይመረምራል፤ ከዚያ ብቻውን ሆኖ ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ የራሱን ይቆጥራል፣ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። ምሳሌውን በሚገባ መስማት፣ ከዚያ ከምሳሌው መራቅ፣ ከዚያ መፍጠር፣ ከዚያ መታረም። የዘመኑ የማስታወሻ አያያዝ ሊቃውንት ደክመው የደረሱበት ቅደም ተከተል ይኸው ነው፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ጠጋግኖ መጻፍ የሚፈጸመው ረቂቁ ሲጻፍ ይመስለናል፤ ጥፋቱ የሚጀምረው ግን ከዚያ በፊት፣ ማስታወሻ ሲያዝ ነው። የዛሬው ተማሪ በቴሌግራም የተላከለትን ፒዲኤፍ በስልኩ ያነባል፣ የወደደውን አንቀጽ ኮፒ አድርጎ ወርድ ላይ ይለጥፋል፣ «በኋላ እለውጠዋለሁ» ይላል። ሳምንታት ያልፋሉ። ፋይሉን ሲከፍት የራሱ ሐሳብና የተለጠፈው በአንድ ዓይነት ፊደል፣ በአንድ ዓይነት መጠን ተቀላቅለው ይጠብቁታል። የትኛው የማን እንደሆነ ማወቂያ የለም። ያን ጊዜ ያለው አማራጭ ያሉትን ቃላት መነካካት ብቻ ነው፤ ምንጩን ፈልጎ ዳግም ለማንበብ ጊዜም ገጽ ቁጥርም የለውም።

ይህ በጀማሪ ብቻ የሚደርስ አይደለም። አሜሪካዊቷ የታሪክ ጸሐፊ ዶሪስ ከርንስ ጉድዊን እ.ኤ.አ. በ1987 ስለ ፊትዝጀራልድና ኬኔዲ ቤተሰቦች ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ ከሊን ማክታጋርት መጽሐፍ የተወሰዱ አገላለጾች ያለ ትእምርተ ጥቅስ መግባታቸው እ.ኤ.አ. በ2002 በይፋ ተነሳ። ማብራሪያዋ በእጅ ስለጻፈችው ማስታወሻ ነበር፦ ከመጻሕፍት ቃል በቃል የቀዳችውና በራሷ አባባል የጻፈችው ተቀላቅለው፣ ኋላ ላይ ሁሉንም የራሷ አድርጋ ወሰደችው። በዚህ ሰበብ ከፑሊትዘር ሽልማት ቦርድ ወጣች። መፍትሔ ብላ የተናገረችውም የማስታወሻ መፍትሔ ነው፤ የመጽሐፉን ቃል በስካነር አንስታ በአንድ ቦታ፣ የራሷን አስተያየት በሌላ ፋይል ማስቀመጥ ጀመረች። ሽልማት ያገኘች ጸሐፊ በዚህ ከተሰናከለች ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደብተሩን እንዴት እንደሚይዝ አለማስተማራችን ከባድ ጉድለት ነው።

እንዴት ይያዝ? የሚሠራው ዘዴ ውስብስብ አይደለም፣ ነገር ግን አንድ ጊዜም መዝለል አይፈቅድም። ከማንበብ በፊት የገጹ ራስ ላይ ጸሐፊው፣ ርእሱ፣ ዓመቱ ከነአቆጣጠሩ ይጻፋል። ከዚያ የሚጻፍ እያንዳንዱ ነገር በግራ ጠርዝ ላይ አንዲት ፊደል ይሰጠዋል። «ቃ» ቃል በቃል የተቀዳ ነው፤ የሚከፈተውና የሚዘጋው ትእምርተ ጥቅስ ወዲያው ይደረግለታል፣ ገጽ ቁጥሩም ከጥቅሱ በፊት ይጻፋል፣ ምክንያቱም በኋላ የሚጻፍ ገጽ ቁጥር ብዙ ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራል። «ጭ» ጭምቅ ሐሳብ ነው፣ ምንጩ ተዘግቶ የተጻፈ። «እ» የእኔ ነው፦ ጥያቄ፣ ጥርጣሬ፣ ከሌላ ጋር ያያያዝኩት። ፊደል የሌለው መስመር በደብተሩ ውስጥ መኖር የለበትም። በስልክ ወይም በኮምፒውተር ለሚይዝም ያው ነው፤ የተለጠፈው ሁሉ በሌላ ቀለም ወይም በሌላ ፋይል ይቀመጥ እንጂ ረቂቁ ባለበት ፋይል ውስጥ ፈጽሞ አይለጠፍ።

ከሦስቱ ከባዱ «ጭ» ነው። አንቀጹ ሁለት ጊዜ ይነበባል፣ መጽሐፉ ይዘጋል ወይም ስልኩ ይገለበጣል፣ ጥቂት ይቆያል። ዓረፍተ ነገሩ ከጆሮ እስኪጠፋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ወዲያው ከተጻፈ ያው ዜማ ይመለሳል። ከዚያ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን በቁራጭ ቃላትና በቀስት መጻፍ ይሻላል፣ ምክንያቱም ቁራጭ ቃል የምንጩን ሰዋስው ተሸክሞ አይመጣም። ምንም መጻፍ ካልተቻለ ያ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው፦ አንቀጹ አልገባንም። ያን ጊዜ ዳግም ማንበብ ወይም ሰው መጠየቅ እንጂ ምንጩን ከፍቶ ቃል መቀየር አይገባም። የሮይግ ፕሮፌሰሮች የወደቁት እዚህች ነጥብ ላይ ነው።

ከላይ ያየነው የባሕር ዛፍ አንቀጽ በዚህ መንገድ ቢያዝ ደብተሩ ይህን ይመስላል፦

ምንጭ «ሀ»፣ ገጽ 41
ጭ፦ መናገሻ ወረደ → ሰው በዛ → አገር በቀሉ ደን ለማገዶና ለቤት አለቀ → ባሕር ዛፍ ተካው
ቃ፦ ገጽ 41፣ «ከተማዋን ከመፈለስ ያዳናት»
እ፦ ይህ የጸሐፊው ፍርድ ነው ወይስ ማስረጃ አለው? አዲስ ዓለም የተቆረቆረው መቼ ነው? ዛፉ ለመቆረጥ የደረሰው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?

ልዩነቱን እናስተውል። ጠጋጋኙ አንቀጹን እንደ አንድ ሙሉ ነገር ተቀብሎ አሳለፈው። ማስታወሻ የያዘው ግን ሁለት ነገር መሆኑን አየ፦ አንዱ የሆነ ነገር ዘገባ፣ ሌላው ፍርድ። ፍርዱን ቃል በቃል ቀዳ፣ ምክንያቱም ሊሞግተው ይፈልጋል። ከዚህ ካርድ ተነስቶ፣ ምንጩን ሳይከፍት፣ እንዲህ ሊጽፍ ይችላል፦

«አዲስ አበባ በቦታዋ የጸናችው በባሕር ዛፍ ምክንያት ነው የሚል አስተያየት አለ (ምንጭ ሀ፣ ገጽ 41)። ይህ አስተያየት የሚቆመው ግን ዛፉ የእንጨቱ ችግር ሳይከፋ ለገበያ ደርሶ ከነበረ ነው። ስለዚህ የተተከለበትን ዓመት ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ከእንጦጦ ተቆርጦ መሸጥ የጀመረበትን ዘመን መፈለግ ያስፈልጋል።»

ይህን አንቀጽ ማንም ከምንጩ ጋር ቢያስተያየው ግሱም አጥንቱም አይገጥምም። ከዚያ በላይ ደግሞ ተማሪው የራሱ የምርምር ጥያቄ አግኝቷል። ጽሑፉ ሲያልቅ አንድ የማጣሪያ ንባብ ይቀራል፦ እያንዳንዱን «ጭ» ከምንጩ ገጽ ጋር ማስተያየት። ሳይታወቅ ተመልሶ የገባ አገላለጽ ከተገኘ ወይ በትእምርተ ጥቅስ ይገባል፣ ወይ አንቀጹ ከካርዱ እንደ አዲስ ይጻፋል። ቃል እየለወጡ ማዳን ወደ ጥገናው መመለስ ነው።

በአፍ የተነገረም ምንጭ ነው። በየካ ተራራ ላይ ያለውን ከአለት የተፈለፈለ ዋሻ ሚካኤልን የሚያጠና ተማሪ ሦስት ዓይነት ነገር ይዞ ይመለሳል። ካህኑ ወይም አስጎብኚው የነገረው ትውፊት አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑን ከአብርሃና አጽብሐ ዘመን ጋር ያያይዘዋል። ተመራማሪዎች የጻፉት አለ፤ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። ተማሪው በዓይኑ ያየውም አለ፤ የአምዶቹ ሁኔታ፣ የጣሪያው ክፍት መሆን። በደብተሩ ላይ እነዚህ ሳይለዩ ከተጻፉ በጽሑፉ ውስጥ የካህኑ ቃል የተማሪው ምርምር ሆኖ ይወጣል። መጽሐፍ ያሳተመ ሰው መብቱን የሚጠይቅበት መንገድ አለው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ቆሞ ያስረዳ አባት ግን ስሙ ካልተጠቀሰ ማንም አያስታውሰውም። ስለዚህ ለቃለ መጠይቅም «ቃ»፣ «ጭ»፣ «እ» ይሠራል፤ በገጽ ቁጥር ፈንታ ቀንና ቦታ፣ ፈቅዶ ከሆነም የተናጋሪው ስም ይጻፋል። ለዓይን ምስክርነት «አ» የምትል አራተኛ ፊደል ቢጨመር ጥሩ ነው።

ትርጉም ሌላው የሚያሳስት ቦታ ነው። በእንግሊዝኛ ያነበቡትን በአማርኛ ማስታወሻ መያዝ ጠቃሚ ልማድ ነው፤ የቋንቋው ርቀት የምንጩን ዓረፍተ ነገር ይሰብረዋል፣ ያልገባንንም ወዲያው ያጋልጣል። በኋላ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ቢሆንም የሚጻፈው ከአማርኛው ማስታወሻ ስለሚነሳ ወደ ምንጩ ቃል የመመለስ ዕድሉ ይቀንሳል። ሙያዊ ቃላቱን ግን እንዳሉ ከጎን መጻፍ ይገባል፣ አለበለዚያ ሲመለሱ ይጠፋሉ። የሚያሳስተው ጽሑፉ ራሱ በአማርኛ ሲሆን ነው። አንድን የእንግሊዝኛ አንቀጽ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ተርጉሞ ማስገባት «በራሴ አባባል» አይደለም። ቋንቋው ተለወጠ እንጂ አሳቢው አልተለወጠም። በመጽሔቶቻችንና በሬዲዮ ዝግጅቶቻችን ይህ በሰፊው ይሠራል፣ የሚጠይቅም የለም፤ ጥፋት መሆኑን ግን አይለውጠውም። «ትርጉሙ የጸሐፊው» የምትለዋን ጨምሮ በትእምርተ ጥቅስ ማስገባት የሚከብድ ነገር አልነበረም።

ጽሑፍ አመሳካሪ ሶፍትዌሮች ለዚህ ሁሉ መልስ ይመስላሉ። ተርኒቲንን የመሰሉት የሚሰጡት ቁጥር የመመሳሰል መጠን እንጂ የጥፋት መጠን አይደለም። የሕግ አንቀጽ፣ ፍቺ፣ የተለመደ የአሠራር ገለጻ በትክክል ተጠቅሶ ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሙሉ ምዕራፍ ደግሞ ሳይነካ ሊያልፍ ይችላል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ሀ፣ ሐና ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እየተለዋወጡ መጻፋቸው ብቻ ፊደል በፊደል የሚያስተያይ መሣሪያን ያሳስታል። ከዚህ የሚብሰው ግን ተማሪው ላይ የሚያመጣው ልማድ ነው። ቁጥሩ ከተፈቀደው በላይ ከሆነ «ሲሚላሪቲው ይቀንስ» ተብሎ ይመለስለታል፤ እሱም ቀይ የተደረገችዋን ዓረፍተ ነገር ይዞ ተመሳሳይ ቃል መፈለግ ይጀምራል። ይህ ማለት መጠጋገንን በትእዛዝ ማስተማር ነው። ቁጥሩ ይወርዳል፣ ጽሑፉ ግን ከበፊቱ ይልቅ የከፋ ጥገና ይሆናል፣ «ከመፈለስ»ም «ከመፍረስ» ይሆናል።

ይህ ጥፋት ከሆነ ምን ዓይነት ጥፋት ነው የሚለው ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። ሃዋርድ የምትለው ጀማሪ ወደ አዲስ የሙያ ቋንቋ ሲገባ የሚያልፍበት ደረጃ ስለሆነ ማስተማሪያ እንጂ መቅጫ መሆን የለበትም ነው። ብዙ የዩኒቨርሲቲ መመሪያዎች ደግሞ ሐሳብን ሳይመረምሩ ውጤቱን ብቻ ይመለከታሉ። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አገላለጽን ይጠብቃል፣ ሐሳብን ግን አይጠብቅም፤ በተገቢው መጠን መጥቀስንም ምንጩና ደራሲው እስከተጠቀሱ ድረስ ይፈቅዳል። እኔ ወደ ሃዋርድ አዘነብላለሁ፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ ተማሪው ማስታወሻውን ማሳየት ከቻለ። ምልክት ያለው ደብተር ያቀረበና በአንድ ቦታ ጥቅሱ ያመለጠው ተማሪ ተሳስቷል፣ ያርም። ምንም ማስታወሻ የሌለው፣ ከፒዲኤፍ ወደ ረቂቅ ብቻ የተሻገረ ተማሪ ግን ገና ምርምሩን አልጀመረም፤ ሊነገረውም የሚገባው ይኸው ነው።

ስለዚህ አማካሪዎች አንድ ነገር ቢለምዱ እላለሁ። ሁለተኛው ምዕራፍ፣ ተማሪዎች ሊትሬቸር ሪቪው የሚሉት፣ ሲቀርብ ምዕራፉን ብቻ አይቀበሉ፤ ካርዶቹን ወይም ደብተሩን አብሮ ይጠይቁ። ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ከምዕራፉ አንድ ከባድ አንቀጽ ይመረጥ፣ የእሱ ካርድ ይውጣ፣ ምንጩ ገጹ ላይ ይከፈት፣ የሦስቱም ግሶች በተርታ ይነበቡ። ሥራው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መደረግ ያለበትም ተማሪው የመስክ ሥራውን ለመጀመር ወደ እንጦጦ ከመውጣቱ በፊት ነው፣ ለማረም ገና ጊዜ ሳለ።